«በወረዳችን አልተጠናም» የሚለው ምክንያት ለምን አላሳመነም?

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጉራጌ ዞን በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ኮርሶቼን ጨርሼ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። እናቶች የእርግዝና ክትትል ዘግይተው ስለ መጀመራቸው ለማጥናት ፕሮፖዛል ጽፌ አማካሪ መምህሬ ሁለት ጊዜ መለሱልኝ። በመጀመሪያው ‹ችግሩ የት አለ?›፣ በሁለተኛው ደግሞ ‹ዓላማዎቹ ከችግሩ ጋር አይገናኙም፤ የጊዜ ሰሌዳውም የሚሆን አይደለም› ብለው ጽፈውበታል። በየቀኑ በዓይኔ የማየውን ነገር ‹የት አለ› መባሌ አሳፍሮኛል፤ አናድዶኛልም። ርእሱ በወረዳችን እንዳልተጠና ገልጫለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን እንደሚፈለግ አልገባኝም። አሁን ጥቅምት ገብቷል፤ ሰኔ ላይ ካላቀረብኩ ሌላ ዓመት መመዝገብና መክፈል ሊኖርብኝ ነው። አንድ ባልደረባዬ በሌላ ወረዳ የጸደቀ ተመሳሳይ ፕሮፖዛል ሰጥቶኝ የቦታውን ስም ቀይሬ እንዳስገባው ይመክረኛል። በክፍያ የሚጽፍልኝ ሰውም ተገኝቷል። ልጆች አሉኝ፤ የምጽፈውም ሌሊት ነው። ምን ባደርግ ይሻላል? ረቂቁን አያይዤ ልኬያለሁ።»

ውድ ጠያቂያችን፣

ረቂቅዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ንዴትዎ ይገባኛል። ቢሆንም የመምህርዎን ጥያቄ እርስዎ በተረዱት መንገድ አልተረዳሁትም። መምህርዎ እናቶች መዘግየታቸውን አልተጠራጠሩም፤ የጠየቁት ስለዚህ መዘግየት እስካሁን የማይታወቀው፣ እርስዎም ልታሳውቁን የምትነሡት ነገር የቱ እንደሆነ ነው። ችግሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ ያነሣዋል፤ በየቀኑ አብሮት የሚውል ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ስለሚመስለው ሳይጽፈው ያልፈዋል። እርስዎም ያለፉት ይመስለኛል፤ ማለፍዎም ከማወቅ የመጣ እንጂ ካለማወቅ አይደለም።

የችግሩ መግለጫ ብለው የጻፉት አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ገጾች ስለ እናቶች ሞት በዓለም፣ ከዚያም በአፍሪካ፣ ከዚያም በአገራችን ይናገራሉ፤ አራተኛው ገጽ «ይሁን እንጂ በዚህ ወረዳ ጥናት አልተካሄደም» ብሎ ይዘጋል። አንባቢ ከዚህ መንገድ ጋር ሲጓዝ የሚያገኘው ችግር የእናቶች ሞት ነው፤ እርስዎ የሚያጠኑት ደግሞ ክትትል የሚጀመርበትን ጊዜ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ የለም። ከእነዚያ ሦስት ገጾች ለሥራዎ የሚያስፈልገው አንድ አንቀጽ ብቻ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲጀመርና በእርግዝናው ዘመን ቢያንስ 8 ግንኙነቶች እንዲኖሩ ይመክራል። በአገራችን በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 28 በመቶ ደርሰዋል (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መሻሻል አለ፤ ከአሥር ሰባቱ ግን ቀድመው አይጀምሩም። ይህን ካሉ በኋላ ስለ መዘግየቱ ጉዳት፣ ለምሳሌ ቂጥኝን ወይም የደም ማነስን ዘግይቶ ማግኘት ምን እንደሚያስከትል፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «በዚህ ወረዳ አልተጠናም» የሚለው ለምን አላሳመነም? የትምህርት ደረጃ፣ የጤና ተቋሙ ርቀት፣ ያልታቀደ እርግዝና፣ የልጆች ብዛት፣ የባል ድጋፍ ከመዘግየት ጋር ያላቸው ግንኙነት በልዩ ልዩ የአገራችን አካባቢዎች ደጋግሞ ተጠንቷል። ስለዚህ አንድ ገምጋሚ በልቡ የሚጠይቀው «በእናንተ ወረዳ ውጤቱ የተለየ ይሆናል ብላችሁ የምታስቡት ለምንድን ነው?» ብሎ ነው። የተለየ ይሆናል የሚያሰኝ ምክንያት ካለ ቦታው ክፍተት ሊሆን ይችላል። ከሌለ ግን ያው መልስ በሌላ ስም ይደገማል። ይህ አስተያየቴ ጠንከር ሊልብዎት ይችላል፤ በቦታ ብቻ የሚለዩ ጥናቶች ግን ለተማሪውም ለወረዳውም የሚተርፉት ነገር ጥቂት እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ደስ ያለኝ ግን በረቂቅዎ አራተኛ ገጽ፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው አንቀጽ ውስጥ የተደበቀ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «አንዳንድ እናቶች ክትትል ሲጀምሩ በስድስተኛው ወር ቢሆንም ቀደም ብለው ለእርግዝና ምርመራ መጥተው እንደነበር ይናገራሉ» ብለዋል። ይህን ሲጽፉ ምን እንደታሰብዎት ልጠይቅዎት። እነዚያ እናቶች ሽንታቸው ተመርምሮ እርግዝናው ከታወቀ በኋላ የት ሄዱ? ወደ ክትትል ክፍሉ የመራቸው ሰው ነበር? «ሆዱ ሲገፋ ተመለሺ» ያላቸውስ? ምርመራውን ያደረጉት በግል ክሊኒክ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልካቸው አሠራር አለ? እስካሁን የተለመዱት ጥናቶች ዘግይታ የጀመረችን እናት በአመዛኙ «ያልመጣች» አድርገው ይቆጥሯታል፤ እርስዎ ግን ከእነዚህ ውስጥ የመጡና በእጃችን ያመለጡ እንዳሉ ጠርጥረዋል። የእርስዎ ችግር እዚህ ነው ያለው።

መግለጫውን በዚህ ላይ ቢያቆሙት አካሄዱ እንዲህ ይሆናል፤ ቃሉን እርስዎ በራስዎ አነጋገር ይለውጡት። «በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች ክትትል የሚጀምሩት ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። ለዚህ ምክንያት ተብለው የተጠኑት በአመዛኙ የእናቲቱና የቤተሰቧ ሁኔታዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ዘግይተው ከጀመሩት እናቶች መካከል ምን ያህሉ ቀደም ብለው በጤና ተቋም ታይተው እንደነበርና ያኔ ለምን እንዳልተመዘገቡ በቂ መረጃ የለም። ይህ ሳይታወቅ እናቶችን ቀድመው እንዲመጡ ማስተማር ብቻውን፣ ቀድመው ለመጡት መፍትሔ አይሆንም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት በአራት ጤና ጣቢያዎች ይመረምራል።» እንደሚያዩት አምስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ የታወቀው፣ ያልታወቀው፣ አለማወቁ የሚያስከፍለው ዋጋ፣ እርስዎ የሚያደርጉት በተከታታይ ገብቶበታል። በማስረጃ ሲደግፉት ከአንድ ገጽ ተኩል አይበልጥም። ፕሮፖዛሉ በእንግሊዝኛ የሚገባ ቢሆንም ይህን ክፍል መጀመሪያ በአማርኛ እንዲጽፉት እመክራለሁ፤ አሁን ባለው ረቂቅ ከሌላ ጽሑፍ የተወሰዱት ሐረጎች የእርስዎን ሐሳብ ሸፍነውታልና።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «በቂ መረጃ የለም» ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ በቅርብ ዓመታት የወጡትን የአገራችንን ጥናቶች አንብቦ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተነሥቶ ካገኙት አይደንግጡ፤ ያኔ ክፍተቱ ጠበብ ይላል እንጂ አይጠፋም። ከዚህ በተጨማሪ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ፈቃድ ጠይቀው ባለፉት ሦስት ወራት በላቦራቶሪ መዝገብ እርግዝና የተገኘባቸውን ሴቶች ብዛትና በክትትል መዝገብ በ12 ሳምንት ውስጥ የተመዘገቡትን ብዛት ያስቆጥሩ። ስም አያስፈልግም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ብቻ ይበቃሉ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በብዙ የሚበልጥ ከሆነ ጥርጣሬዎ መሠረት እንዳለው ለመምህርዎ ማሳየት ይችላሉ፤ ማረጋገጫ ነው ግን አይባልም፤ ምክንያቱም አንዳንዷ በሌላ ጤና ጣቢያ ተመዝግባ ሊሆን ይችላል።

ዓላማዎቹን በተመለከተ መምህርዎ ትክክል ናቸው፤ ረቂቁ ውስጥ ሰባት ዝርዝር ዓላማዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ «የእናቶችን ጤና ማሻሻል»፣ ሌላው «ለሚመለከታቸው አካላት ምክረ ሐሳብ መስጠት» ይላል። የመጀመሪያው ከአንድ ጥናት አቅም በላይ የሆነ ምኞት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው እንጂ በጥናቱ የሚለካ አይደለም። ለየትኛውም ዝርዝር ዓላማ የምጠቀምበት መፈተኛ አለኝ፤ ዓላማውን በአንድ ወረቀት ራስ ላይ ይጻፉና ከሥሩ መልሱ የሚሰፍርበትን ባዶ ሰንጠረዥ ይሥሩ። ሰንጠረዡን መሥራት ካልቻሉ ዓላማው ገና አልበሰለም፤ ሰንጠረዡን የሚሞላ ጥያቄ በመጠይቁ ውስጥ ካላገኙም መጠይቁ ጎድሎታል። በዚህ መንገድ ሲፈተኑ ለእርስዎ ሦስት ዓላማዎች ይቀራሉ፤ ክትትላቸውን ከ12 ሳምንት በኋላ የጀመሩትን እናቶች መጠን መለካት፤ ከእነዚህ መካከል በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት በእርግዝናው ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ሄደው የነበሩትን መጠንና ያኔ የተሰጣቸውን ምላሽ መግለጽ፤ ቀድመው ሄደው ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ከምን ጋር እንደሚያያዝ መለየት። ሦስቱም ከችግሩ መግለጫ ቀጥታ ይወጣሉ። ሰባቱን ስለ ቀነሱ የጥናቱ ክብደት አይቀንስም።

«ዘግይቶ መጀመር» የሚለውንም በቁጥር ይወስኑት። ቀደም ሲል በሥራ ላይ በነበረው የአራት ጊዜ ክትትል አሠራር የመጀመሪያው ጉብኝት እስከ 16 ሳምንት ይፈቀድ ስለነበር በአገራችን አንዳንድ ጥናቶች 16ን፣ ሌሎች 12ን ወሰን አድርገዋል። በረቂቅዎ ሁለቱን ዓይነት ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው አነጻጽረዋቸዋል፤ ይህ በዲፌንስ ቀን በእርግጠኝነት የሚነሣ ነገር ነው። የእርግዝናው ዕድሜ የሚቆጠረው እናቲቱ በምታስታውሰው የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ከሆነም ስሕተት ሊኖረው እንደሚችል በውስንነት ውስጥ ይግለጹት።

ስለ ናሙናው ብዙ አልናገርም፤ ያስቀመጡት ስሌት የተለመደው ነው፤ መጠኑ 50 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ተብሎ 384፣ ምላሽ ላይሰጡ ለሚችሉት 10 በመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል። ሆኖም ሁለተኛው ዓላማዎ የሚመለከተው ዘግይተው የጀመሩትን ብቻ ነው። ከ423ቱ 300 ያህሉ ቢዘገዩ ስሌቱ የሚቆመው በ300ዎቹ ላይ ነው፤ የስሕተት ወሰኑም ወደ 6 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ቀድመው አስልተው ከጻፉት እንዲያውም ያስመሰግናል። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጠያቂው ማን እንደሚሆን ነው። በረቂቁ መረጃውን እርስዎና ባልደረቦችዎ እንደምትሰበስቡ ተጽፏል። አንዲት እናት በክትትል ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ፣ ነገ የምታዋልዳትን ባለሙያ ፊት ለፊት እያየች፣ «አምና መጥቼ መልሳችሁኛል» ትላለች ብለው ያስባሉ? ከሌላ ወረዳ የመጡ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ እናቲቱ አገልግሎቷን ጨርሳ ስትወጣ፣ ከክፍሉ ራቅ ባለ ቦታ ቢጠይቋት ይሻላል። ወጪው ይጨምራል፤ በበጀቱ ውስጥ አሁኑኑ ያስገቡት።

የጥናቱ ጠቀሜታ ተብሎ የተጻፈው ክፍል «ለመንግሥት፣ መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች፣ ለተመራማሪዎችና ለተማሪዎች ይጠቅማል» ይላል። ይህ በየትኛውም ፕሮፖዛል ላይ ቢለጠፍ የሚሄድ ነው። በምትኩ ውጤቱን የሚቀበለውን ሰው በዓይነ ኅሊናዎ ይዩትና ምን እንደሚወስንበት ይጻፉ። ዘግይተው ከጀመሩት ውስጥ ብዙዎቹ ቀድመው መጥተው ከነበረ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ እርግዝና የተገኘባት ሴት ከላቦራቶሪ በቀጥታ ወደ ክትትል ክፍል እንድትሄድና በዚያው ቀን እንድትመዘገብ ማድረግ ይችላል፤ ይህ ተጨማሪ በጀት ብዙም አይጠይቅም። ጥቂቶቹ ብቻ ከነበሩ ደግሞ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ትኩረቱን በቤት ለቤት ጉብኝትና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ውጤቱ ወዲህም ቢሆን ወዲያ የሚወሰን ነገር አለው፤ ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ካሳዩ ጠቀሜታው ተጻፈ ማለት ነው።

ወደ ጊዜው ስንመጣ፣ የእርስዎ ሰሌዳ ከኅዳር ጀምሮ ወደ ፊት ይቆጥራል፤ እኔ ግን ከሰኔ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ እለምንዎታለሁ። ዲፌንሱ በሰኔ አጋማሽ ነው እንበል። ጽሑፉ ለፈታኞች አስቀድሞ መድረስ ስላለበት በግንቦት መጨረሻ መግባት አለበት። አማካሪዎ ሙሉውን ረቂቅ አንብበው እስኪመልሱና እርስዎ እስኪያርሙ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቢፈልግ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ረቂቅ በግንቦት መጀመሪያ ላይ መድረስ ይኖርበታል። ሚያዝያ ለትንተናና ለጽሑፍ ይሁን። ስለዚህ መረጃ መሰብሰቡ በመጋቢት መጨረሻ ያልቃል። ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? እዚህ ላይ ግምት አያስፈልግም፤ የክትትል መዝገቡን ይቁጠሩት። አራቱ ጤና ጣቢያዎች በአንድነት በሳምንት 60 አዲስ እናቶች የሚመዘግቡ ከሆነና ሁሉንም ከጠየቁ 423ቱ በሰባት ሳምንት ይሞላሉ፤ የካቲትና መጋቢት ይበቃሉ። 35 ብቻ ከሆኑ ግን 12 ሳምንት ያስፈልጋል፤ ያኔ ወይ ጤና ጣቢያ መጨመር ወይም ከጥር መጀመር ግድ ነው። ከየሁለቱ እናቶች አንዷን እመርጣለሁ ካሉም ጊዜው እጥፍ እንደሚሆን አይርሱ። በረቂቁ የጻፉት «ሁለት ሳምንት» ከየት እንደመጣ አልገባኝም። በገበያ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት እናቶች ስለሚበዙ የሚሰበሰብባቸው ቀናት ሁሉንም የሳምንቱን የሥራ ቀናት መንካት አለባቸው።

ከመረጃ ስብሰባው በፊት ያለው ጊዜ ደግሞ በሰሌዳዎ ውስጥ ፈጽሞ የለም። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ከኮሚቴው እስኪወጣ፣ የትብብር ደብዳቤው በዞኑና በወረዳው በኩል ተራምዶ ጤና ጣቢያዎቹ እስኪደርስ፣ መጠይቁ ወደ አማርኛና ወደ አካባቢው ቋንቋ ተተርጉሞ በሌላ ጤና ጣቢያ ከናሙናው 5 በመቶ ያህል፣ ማለትም በ21 እናቶች፣ እስኪሞከር ድረስ ታኅሣሥና ጥር ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ በመካከሉም ገናና ጥምቀት አሉ። ኮሚቴው ማሻሻያ ጠይቆ ሊመልሰው ስለሚችል በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ትርፍ ይተዉ። ሁሉንም ስንደምረው ፕሮፖዛሉ በኅዳር መጨረሻ መጽደቅ አለበት ማለት ነው። ጊዜው ጠባብ ቢሆንም ይበቃል። ሰኔ ካመለጠ ግን መረጃ የመሰብሰቡ ሥራ ወደ ክረምት እንዳይገፋ ይጠንቀቁ፤ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ የሚመጡት በቅርብ ያሉት እናቶች ብቻ ስለሚሆኑ ናሙናው ራሱ ይዛባል።

ባልደረባዎ ስለሰጡዎት ፕሮፖዛልና በክፍያ ስለሚጽፍልዎ ሰው ያነሡት፣ ሌሊት እየጻፈች ልጆች ለምታሳድግ እናት ፈተና መሆኑን እረዳለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሕጉ ሳልናገር ስለሚሆነው ልናገር። ቦታው የተቀየረበት ፕሮፖዛል የሌላውን ወረዳ የሕዝብ ብዛት፣ የሌላውን መጠን፣ የሌላውን መጠይቅ ይዞ ይመጣል፤ አንዱን አርመው ሌላው ይቀርብዎታል። ከሁሉ በላይ ቀድመው መጥተው ስለነበሩት እናቶች የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ አይኖርበትም። በክፍያ የተጻፈው ደግሞ ኅዳር ላይ ቢያሳልፍዎት ሚያዝያ ላይ ከመረጃው ጋር ብቻዎን ይተውዎታል፤ ይህ ተለዋዋጭ ለምን ተመረጠ ሲባልም መልሱን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው። ባልደረባዎ በበጎ ልብ እንዳሰቡልዎት ግልጽ ስለሆነ ጽሑፉን ይቀበሉና የመረጃ አሰባሰቡ ክፍል እንዴት እንደተደራጀ ለማየት ብቻ ይጠቀሙበት።

በዚህ ሳምንት ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። ሁለቱን መዝገቦች ፈቃድ ጠይቀው ያስቆጥሩ፤ የችግሩን መግለጫ በአንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፉ፤ ሦስቱን ባዶ ሰንጠረዦች ይሥሩ። ሙሉውን ረቂቅ አሁን አያርሙት። አማካሪዎን የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ጠይቀው እነዚህን ብቻ ይዘው ይሂዱና «ጥያቄዬ ይህ ቢሆን ይቀበሉታልን?» ብለው ይጠይቋቸው። ከተቀበሉት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በታኅሣሥ ውስጥ በየትኛው ቀን እንደሚሰበሰብና ሰነድ እስከ መቼ እንደሚቀበል በዚያው ቀጠሮ ይጠይቋቸው፤ የሰሌዳዎ የመጀመሪያ ቀን የሚሆነው እርሱ ነው።